የወገብ ልክ፦ ከአባቴ ደብተር እስከ ዘንድሮ ሙሽሮች

ለጥር ሠርግ የሀበሻ ቀሚስ ልታሰፉ ያሰባችሁ እናትና ልጅ፣ ወደ ልብስ ሰፊ ከመሄዳችሁ በፊት ቤታችሁ ተቀምጣችሁ አንድ ነገር ጨርሱ። ሙሽራዋ በሠርጓ ቀን ሞላ ብላ ነው ወይስ ቀጠን ብላ መታየት ያለባት? ብዙ ቤተሰብ ይህን የሚነጋገረው እኔ ሱቅ ውስጥ፣ ሜትሩ ወገቧ ላይ እንደተጠመጠመ ነው። እናት "ልቀቂው፣ ገና ትሞላለች" ትላለች። ልጅ "አጥብቂው፣ ገና እቀጥናለሁ" ትላለች። እኔ እርሳሴን ይዤ መሀል ላይ እቆማለሁ። ጨርቁ አንዴ ከተቆረጠ ደግሞ ሁለቱም የሚኮንኑት እኔን ነው።

የምሰፋው ባሕር ዳር ነው። ሙያውን ግን የተማርኩት ደብረ ማርቆስ፣ በገበያ ዳር በረንዳ ላይ በእግር በሚረገጥ መኪና ይሰፋ ከነበረው አባቴ ነው። አባቴ የደንበኞቹን ልክ በተማሪ ደብተር ላይ ይመዘግብ ነበር፤ ደብተሮቹ ዛሬም እኔ ዘንድ አሉ። እናትና ልጅ ለምን እንደማይግባቡ የገባኝ እነዚያን ገጾች ሳገላብጥ ነው። አባቴ ለሴት ቀሚስ የሚጽፋቸው ቁጥሮች አራት ብቻ ነበሩ፦ ቁመት፣ ትከሻ፣ ደረትና የእጅጌ ርዝመት። ወገብ አይለካም። ዳሌ አይለካም። የሴትን ዳሌ በሜትር መለካት ነውር ስለነበር ብቻ አይደለም፤ ለሚሰፋው ቀሚስ ስለማያስፈልገው ነው።

የዚያን ጊዜው ቀሚስ ሽንሽን ነበር። ላዩ ልቅ ነው፤ ከወገብ በታች ጨርቁ ተሸንሽኖ ይሰበሰባል። ጥሩ ሽንሽን እንዲወጣ የወገቡን ዙሪያ ሁለት ጊዜ ተኩል ወይም ሦስት ጊዜ የሚሆን ጨርቅ ይገባበታል። ስለዚህ የቀሚሱ ወገብ ሰባ አምስት ሳንቲ ሜትር ቢሆን የታችኛው ክፍል ሁለት ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ስፋት ይኖረዋል ማለት ነው። ያ ሁሉ ጨርቅ ወገብ ላይ ተጨምቆ ከታች ሲለቀቅ ዳሌ የሌላትን ባለ ዳሌ ያደርጋታል። በላዩ መቀነት ይጠመጠማል። ሴትየዋ ብትከሳም ብትወፍርም መቀነቱን ጠበቅ ወይም ላላ ማድረግ ነው እንጂ ልብስ ሰፊ ጋ መመለስ የለም። አርግዛ የምትለብሰውም፣ ወልዳ የምትለብሰውም ያንኑ ቀሚስ ነው።

ታዲያ ያን ጊዜ ስለ ሴት ቅርጽ ግድ አልነበረም ማለት አይደለም። የድሮው ውዳሴ ዝርዝር እንደሆነ ሁላችንም ሰምተን ያደግንበት ነው፦ አንገቷ መቃ፣ ጣቷ አለንጋ፣ ተረከዟ ሎሚ። ልብ ብሎ ለሰማው ውዳሴው ውፍረትን ብቻ አያወድስም። አንገትና ጣት ረጅምና ቀጭን እንዲሆኑ ይፈልጋል፤ ጉንጭ፣ ክንድና ባት ደግሞ እንዲሞሉ ይፈልጋል። እነዚህ ሁሉ ሽንሽን ቀሚስ ከለበሰች ሴት ላይ ገልጦ የሚተዋቸው ቦታዎች ናቸው። ሰው የሚያየው ፊት፣ አንገት፣ እጅና ከቀሚሱ ጫፍ በታች ያለውን እግር ነው። ስለ ወገቧ የሚያውቅ የለም፤ ስለዚህ የሚፈርድባትም የለም። "ተመችቷታል" ወይም "አልተመቻትም" የሚባለው ከጉንጯና ከክንዷ ታይቶ ነበር።

የእናቶቻችን ዓይን እስከ ዛሬ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። እናት ልጇን ሱቄ ውስጥ ስታያት መጀመሪያ የምታየው ፊቷን ነው፤ ቀጥሎ ከአንገቷ ሥር ያለው አጥንት መውጣት አለመውጣቱን ነው። ልጅ ደግሞ መስታወቱ ፊት ቆማ ወደ ጎን ዞራ የምታየው ሆዷንና ወገቧን ነው። ሁለቱም አንዲትን ሴት እያዩ ስለ ሁለት የተለያዩ ቦታዎች ይከራከራሉ። ለሥራዬ የሚያስቸግረው ነገር ሰው ሲከሳ ብዙውን ጊዜ ቶሎ የሚታወቀው ፊቱ ላይ መሆኑ ነው። ልጅ ከወገቧ ሦስት ሳንቲ ሜትር ስታገኝ እናት ከጉንጯ የጠፋውን ታያለች። የልጅቱ ደስታና የእናቲቱ ድንጋጤ የሚመጣው ከአንድ ክስተት ነው።

ድንጋጤው ደግሞ ምክንያት አለው፤ ወጣቶቹ ይህን አያውቁምና ልንገራችሁ። የዛሬ ሙሽሮች እናቶች ወጣት በነበሩበት ዘመን መክሳት ማለት የሚያስፈራ ነገር ነበር። በ1977ቱ ረሀብ ከወሎና ከትግራይ የተነሡ ሰዎች ያን ጊዜ የጎጃም አካል ወደነበረው ወደ መተከል፣ ወደ ፓዌ ሲሰፍሩ ያየ ሰው፣ አጥንት የወጣበት ፊት ምን እንደሚመስል አይረሳም። ከዚያ በኋላ ኤች አይ ቪ መጣ። መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት በከተማችን አንዲት ሴት ከከሳች ሰፈሩ በሹክሹክታ ይፈርድባት ነበር። አባቴ በረንዳ ላይ ስረዳው ቀሚስ ለማስጠበብ የሚመጡ ሴቶችን በደንብ አስታውሳለሁ። በኋላ እንደተረዳሁት ቀጭን መስለው መታየት ፈልገው አልነበረም። ልብሱ ላያቸው ላይ ሲላላ መክሳታቸው ስለሚታወቅባቸው፣ ድሮም ልኬ ይህ ነበር ለማስባል ነበር የሚያስጠብቡት። አንዳንዷም ከቀሚሱ ሥር ሹራብ ትደርብ ነበር። የጨጓራ ሕመም ያከሳት ሴት እንኳ ከዚያ ወሬ አታመልጥም። ያን ያየች እናት ልጇን ሱቄ ውስጥ አይታ "ምን ሆንሽብኝ?" ብትል አትፍረዱባት።

ቀሚሱ መለወጥ የጀመረው፣ እኔ እንደማስታውሰው፣ በሚሊኒየሙ አካባቢ ነው። ከጀርባ ዚፕ ያለው፣ ከደረት እስከ ጉልበት ሰውነትን ተከትሎ የሚወርድ የሀበሻ ቀሚስ በዘፈን ቪዲዮዎች ላይ ታየ፤ ቀጥሎ ደንበኞች ፎቶግራፉን ይዘው መጡ። አባቴ ደብተሩ ላይ የወገብ መስመር የጨመረው ያኔ ነው፤ ጽሕፈቱ ራሱ ሳይወድ በግዱ የጨመረው ይመስላል። ትንሽ ቆይቶ ዳሌ ተጨመረ። እኔ ሱቅ ከከፈትኩ በኋላ ከወገብ እስከ ዳሌ ያለውን ርቀት፣ የክንድን ዙሪያ፣ የጉልበትን ዙሪያ ጨመርኩ። ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት ደንበኞቼ ብዙዎቹ ከላይ እስከ ታች ቀጥ ብለው እንዲታዩ ይፈልጉ ነበር፤ ሸንቃጣ፣ ሽንጣም መባል ነበር ምኞታቸው። ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ ቀጥ ያለው ጠፋ፤ ወገብ እንዲያንስ፣ ዳሌ ደግሞ እንዲሰፋ ነው የሚጠየቀው። ሽንሽን በጨርቅ ይሠራው የነበረውን ዳሌ ዛሬ ሙሽራዋ ከገዛ ሰውነቷ እንድታመጣው ተፈረደባት። ይህ ነገር አንዳንድ ጊዜ ያናድደኛል። ሁለት ሜትር ጨርቅ ይጨርሰው የነበረ ሥራ ነው።

ሁሉም ደንበኛ አንድ ዓይነት አይደለም። ከቢቸና ወይም ከአዴት ገጠር የምትመጣ ሙሽራ ከእናቷና ከአክስቷ ጋር ትመጣለች፤ ውሳኔው የእነሱ ነው፣ የሚፈልጉትም ደልደል ያለች ሴት የምትመስልበትን ነው። የባሕር ዳሯ ብቻዋን ወይም ከጓደኛዋ ጋር ትመጣለች፤ እናቷ የምትደርሰው ለሁለተኛው ልኬት ነው። ከውጭ አገር የሚያዙት ደግሞ ልካቸውን በስልክ ይልካሉ። ለእነሱ የምመክረው ሁለት ነገር ነው። ልኩን በሳንቲ ሜትር ላኩ፤ ኢንች ከሆነ ኢንች መሆኑን ጻፉ፣ አንዱ ኢንች ሁለት ነጥብ አምስት አራት ሳንቲ ሜትር ነውና። ሁለተኛ፣ በዕለቱ ሆድ የሚይዝ የውስጥ ልብስ ወይም ዳሌ ላይ ስፖንጅ ያለበት ሱሪ የምትለብሱ ከሆነ እሱን ለብሳችሁ ተለኩ። ስፖንጁ ብቻውን የዳሌን ዙሪያ ብዙ ሳንቲ ሜትር ያሳድጋል፤ ያለ እሱ የተለካ ቀሚስ በእሱ ላይ ዚፑ አይዘጋም። እናትየውም ሆነች ሌላ ሰው ይወቅ አይወቅ የእናንተ ጉዳይ ነው። ልብስ ሰፊያችሁ ግን ማወቅ አለባት።

አሁን አንዲት ሙሽራ እንዴት እንደሰፋሁላት በዝርዝር ልንገራችሁ፤ የሌሎቹም ከዚህ ብዙ አይለይም።

ልጅቱ ባንክ ትሠራለች፤ እናቷ አዴት አካባቢ ነው የምትኖረው። ሠርጉ ከጥምቀት በኋላ ነው። መጀመሪያ የመጣችው የነቢያት ጾም ከመግባቱ በፊት፣ በኅዳር መጀመሪያ ነው። ደረቷ ዘጠና፣ ወገቧ ሰባ አራት፣ ዳሌዋ መቶ፣ ክንዷ ሃያ ስምንት ሳንቲ ሜትር ነበር። "እታለም፣ ወገቡን ስድሳ ስድስት አድርጊና ቁረጪው፤ እደርስበታለሁ" አለችኝ። እምቢ አልኩ። በግምት አንድ ኪሎ ሲቀነስ ወገብ ላይ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ይቀንሳል። ስምንት ሳንቲ ሜትር ማለት ወደ ስምንት ኪሎ ነው። ጤናማ የሚባለው በሳምንት ከግማሽ ኪሎ እስከ አንድ ኪሎ ነው፤ በቀረው ጊዜ ውስጥ ያን ሁሉ መቀነስ ቢቻል እንኳ ሠርግ እያዘጋጀች፣ ሥራ እየገባች ይከብዳታል። ሦስት ወይም አራት ብትቀንስ ነው ብዬ ገመትኩ።

የቆረጥኩት በሰፊው፣ በሰባ አራቱ ልክ ነው። ለሁሉም የምመክረው ይህን ነው፦ ጨርቅ በትልቁ ልክ ይቆረጣል፣ በዕለቱ ልክ ይሰፋል። በሁለቱ ጎን ስፌቶች ውስጥ በእያንዳንዱ ጠርዝ ሦስት ሳንቲ ሜትር ትርፍ ጨርቅ አስቀራለሁ። ከዚያ ውስጥ ሁለቱን ሳንቲ ሜትር መልቀቅ ብንፈልግ፣ ጠርዞቹ አራት ስለሆኑ ቀሚሱ በስምንት ሳንቲ ሜትር ይሰፋል። ብዙ ሰው ገበያ ላይ የተሰፋ ቀሚስ ሲገዛ ይህን አያይም። ቀሚሱን ገልብጣችሁ የጎኑን ስፌት እዩ፤ ትርፉ ከአንድ ሳንቲ ሜትር ያነሰ ከሆነ ያ ቀሚስ ሰው ሲወፍር ሊላላ አይችልም። ነጭ ፈትል ላይ ስፌት ሲፈታ የመርፌው ቀዳዳ በመስመር ይታያል፤ በውኃ አርጥቦ በጣት ማሸትና መተኮስ ያጠፋዋል፣ ግን ስፌቱ በጣም ደቃቅ ከነበረ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ስለዚህ የጎኑን ስፌት የመጨረሻው ሙከራ እስኪያልቅ ድረስ በሰፊ እርምጃ ነው የምሰፋው።

ሁለተኛ የለካኋት በጾሙ መካከል ነው። ወገቧ ሰባ አንድ፣ ደረቷ ሰማንያ ሰባት፣ ዳሌዋ ዘጠና ስምንት፣ ክንዷ ሃያ ሰባት ሆኖ ነበር። እየጾመች ነው፤ ከዚያም በላይ ቁርሷንና እራቷን ትታለች። እናቷ የመጣችው ያን ቀን ነው። ቀሚሱን አላየችውም። የልጇን ፊት አየችና "ልጄን ምን አድርጋችሁ አከሳችኋት?" አለች፤ እኔንም ጨምራ ማለት ነው። ያመጣችው አንድ ትልቅ ማሰሮ ቅቤ ታክሲ ውስጥ ነበር። ልጅቱ ቅቤው ጾም እስኪፈታ እንዲቀመጥ ስትነግራት፣ እናት "እንግዲህ ገና ሩቅ አይደለም" ብላ ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ ነው ሁለቱንም አስቀምጬ ያወራሁት።

የጥር ሙሽሮች ልክ የሚያታልለው እዚህ ላይ ነው። ጾመ ነቢያት ከኅዳር 15 እስከ ገና ዋዜማ ነው። በጾም የተለካች ሴት ገና ካለፈ በኋላ ሥጋና ቅቤ ስትበላ፣ ዘመድም "የመጨረሻሽ ነው" እያለ ሲጋብዛት፣ ወገቧ መመለስ ይጀምራል። ሁሉም ይቀንሳል ማለትም አይደለም፤ በጾም ዳቦና በዘይት የተሠራ ወጥ በዝቶባት የምትወፍር ሙሽራም አጋጥማኛለች። በሁለቱም በኩል የጾም ልክ የሠርግ ቀን ልክ አይደለም። የመጨረሻው ሙከራ መሆን ያለበት ከገና በኋላ፣ ከሠርጉ ሳምንት ገደማ በፊት ነው። ከፋሲካ በኋላ ለሚሆን ሠርግም እንዲሁ ነው፤ የዐቢይ ጾም ልክ አይታመንም።

ከገና በኋላ ስለካት ወገቧ ሰባ ሁለት ነበር። ከዚያ ወንበር ላይ አስቀምጬ እንደገና ለካኋት፤ ሰባ አምስት ሆነ። ቁጭ ሲሉ ሆድ ሦስት አራት ሳንቲ ሜትር ይጨምራል፤ ፈትል ደግሞ አይለጠጥም። ሙሽራ ደግሞ በሠርጓ ቀን ከመቆም ይልቅ የምትቀመጥበት ሰዓት ይበልጣል። ስለዚህ የቀሚሱን ወገብ ሰባ ስድስት አደረግሁት። ከዚፕ ይልቅ ጀርባውን በገመድ የሚታሰር አድርጌ፣ ከገመዱ ሥር ክፍተቱን የሚሸፍን ጨርቅ ጨመርኩ። በዚህ መንገድ ጠዋት ለፎቶ ጠበቅ፣ ከምሳ በኋላ ላላ ማድረግ ይቻላል። ሚዜዋ እንዴት እንደሚታሰር እንድታይ አስጠርቼ አሳየኋት፤ ይህ ካልተደረገ በዕለቱ ማንም አያውቀውም።

ከእናትየው ጋር የተስማማነው ደግሞ በመልሱ ቀሚስ ነው። መልሱ እሷ ቤት፣ በእሷ ዘመዶች ፊት የሚሆን ስለሆነ ያን ቀሚስ ሽንሽን እንዳደርገው ጠየቅኋቸው። ላዩን ልቅ አድርጌ፣ ከወገቡ በታች ያለውን ሦስት እጥፍ ሸንሽኜ፣ ሰፊ መቀነት አስለበስኳት። ስትሞክረው እናት እጇን አፏ ላይ አድርጋ "እንዲህ ነው እንጂ፣ ሰው መሰለች" አለች። ልጅቱ መስታወቱን አይታ "አምስት ኪሎ ጨመርሽብኝ እኮ" አለችኝ። እውነቷን ነው፤ የተሰፋው ለዚያ ነው። በኋላ እንደሰማሁት የእናትየው ሳሎን ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የመልሱ ፎቶ ነው። የልጅቱ ስልክ ላይ ያለው ሌላኛው ነው።

ይህ በሰላም ያለቀ ነው። በሰላም የማያልቀው መድኃኒት ሲገባበት ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልናገር።

ለመወፈር ተብሎ የሚሸጥ ክኒን አለ። አንዳንዱ ስሙ ያልተጻፈበት፣ በወረቀት ተጠቅልሎ የሚሰጥ ነው። በዓለም ላይ በብዙ አገር ለዚህ ሥራ የሚውሉት ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው የምግብ ፍላጎት የሚጨምርና እንቅልፍ እንቅልፍ የሚያሰኝ፣ በመሠረቱ ለአለርጂ የሚሰጥ ሳይፕሮሄፕታዲን የሚባል መድኃኒት ነው። ሁለተኛውና የበለጠ የሚያስፈራው ዴክሳሜታዞን ነው፤ ሐኪም ለከባድ ሕመም በልክ የሚያዘው መድኃኒት ነው። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ስብን ፊት ላይ፣ ሆድ ላይና ከማጅራት በታች ያከማቻል፤ የክንድና የእግር ጡንቻን ግን ያሳሳል። የደም ስኳርንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ አጥንት ያሳሳል።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ሜትሬ ግን ይህን ያሳየኛል። አንዲት ልጅ ለክረምት ሠርግ ቀሚስ እንድሰፋላት ከተለካች በኋላ በጥቂት ሳምንታት ወገቧ ዘጠኝ ሳንቲ ሜትር ጨምሮ መጣች። ፊቷ ክብ ሆኗል። ክንዷን ስለካ የቀድሞው ቁጥር ነው፤ እንዲያውም በትንሹ ቀንሷል። በምግብ የወፈረች ሴት ብዙውን ጊዜ ክንዷም፣ ጭኗም፣ ዳሌዋም አብረው ይጨምራሉ። ቤተሰቧ ደስ ብሏቸዋል፤ የሚያዩት ጉንጯን ነው። ብቻዋን ስጠይቃት ጎረቤት የሰጠቻት ክኒን እንደምትወስድ ነገረችኝ። የነገርኳት ሦስት ነገር ነው፦ ክኒኑን ራሱን ይዘሽ ሐኪም ጋ ሂጂ፤ ሐኪሙ ሳያይሽ በድንገት እንዳታቆሚው፣ እንዲህ ያለ መድኃኒት ረጅም ጊዜ ተወስዶ በአንዴ ሲቆም ሰውነትን ክፉኛ ሊጥል ይችላልና፤ ቀሚሱን አሁን አልቆርጠውም። የመጨረሻው ያስቀየማት ይመስለኛል። ግን ሄደች። ሐኪሙ ቀስ በቀስ እንድትቀንሰው አደረጋት፤ ወገቧም ፊቷም ለብዙ ጊዜ ሲለዋወጥ ስለነበር ለዕለቱ በመቀነት የሚታሰር ሽንሽን ሰፋንላት።

በተቃራኒው በኩል ለመቅጠን የሚሸጡ ሻዮችና ዱቄቶች አሉ። ብዙዎቹ ሆድ የሚያስቀምጡ ናቸው። የሚቀንሱት ውኃ ስለሆነ በልኬት ላይ ሁለት ሳንቲ ሜትር ጠፍቶ ከሦስት ቀን በኋላ ይመለሳል። እንዲህ ያለ ነገር የጠጣች ደንበኛ ለመጨረሻ ሙከራ ስትመጣ ፊቷ ደርቆ፣ ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ አያታለሁ። ውኃ ጠጥታ፣ በልታ፣ ሌላ ቀን እንድትመለስ ነው የማደርገው።

የወንዶቹን አንሥቼ ልለፍ። በአባቴ ዘመን ቦርጭ ያለው ሰው ኮቱን አይቆልፍም፤ ቦርጩ የሥልጣንና የጥጋብ ምልክት ስለነበር እንዲታይለት ይፈልግ ነበር። ዛሬ ሙሽራው ከሙሽራዋ ብሶ "ሆዴን ደብቂልኝ" ይላል። ሆኖም ወንድ ሰው በሰርጉ ሰሞን ሁለት ኪሎ ቢጨምር እናቱ አትጨነቅም፣ ዘመድም አይሰበሰብም።

ያቺ የባንክ ሠራተኛ በቅርቡ ለክርስትና ቀሚስ መጥታ ነበር። ወንድ ልጅ ስለሆነ ክርስትናው በአርባ ቀን ነው፤ ሴት ብትሆን ሰማንያ ቀን ትጠብቅ ነበር። እናቷ በአራስነቷ ገንፎውንም አጥሚቱንም በቅቤ አድርጋ ስታበላት ስለሰነበተች ፊቷ ሞልቷል። እናትየው ያለ ቀጠሮ አብራት መጥታ ዙሪያዬን እየዞረች "አሁን ልኳን ውሰጂ" ትላለች። ልጅቱ ደግሞ የድሮውን ልክ ከደብተሬ አውጥቼ በዚያ እንድሰፋ ትለምናለች። ለአራስ የክርስትና ቀሚስ የምትሰፉ ሁሉ ወገብ አታስለኩ፤ ማሕፀን ወደ ቦታው የሚመለሰው ስድስት ሳምንት ገደማ ፈጅቶ ነው፣ ደረትም እንደ ጡቱ ወተት ጠዋትና ማታ ይለያያል። ደረቱን ጡት ከማጥባቷ በፊት፣ በሞላበት ሰዓት ለኩት። ከፊት ለማጥባት የሚከፈት ቁልፍ አድርጉበት። ወገቡን በመቀነት ተዉት። ለእሷም እንዲሁ አደረግሁላት፤ በአባቴ አራት ቁጥሮች ብቻ። ቀብድ የከፈለችው እናትየው ስለሆነች ሽንሽኑ ሦስት እጥፍ እንዲሆን አዘዘች። ልጅቱ ሁለት ተኩል ይበቃል እያለች እስካሁን ትደውልልኛለች።